ለኬጂ ልጅ ስልክ ስንት ደቂቃ? ከዛ በፊት ግን እንዴት ነው ሚያልቀው

ልጄ አራት አመቷ ነው። ያኔ ሶስት ተኩል እያለች ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ሰአቱን ጠብቆ ሚመጣ ነገር ቢኖር ለቅሶ ነበር። "ሁለት ደቂቃ ቀረሽ" እላታለው፣ ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ "በቃ" እላታለው፣ ታብሌቱን ስወስድ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ጎረቤት እስኪሰማ ታለቅሳለች። እና ሚያስቀው ነገር ስራዬ እራሱ ከትንንሽ ልጆች ጋር ነው፣ ኬጂ ነው ማስተምረው፣ ወላጆች "ሚስ ስልክ ስንት ደቂቃ ልስጠው" ብለው ሚጠይቁት እኔን ነው። ለነሱ መልስ እሰጣለው፣ ቤቴ ስገባ ግን ያው ወለሉ ላይ ነን።

ስለዚ መጀመሪያ ሁሉም ሚጠይቀውን ልመልስና ከዛ ወደ ዋናው ልግባ። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ከ5 አመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። እዛ ላይ ሁለት አመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 አመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰአት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። የአሜሪካ የህጻናት ሀኪሞች አካዳሚም በ2016 ተቀራራቢ ነገር ነው ያለው፣ ከ2 እስከ 5 አመት በቀን 1 ሰአት፣ ጥሩ ነገር ተመርጦ፣ ከተቻለ ወላጅ አብሮ እያየ። ከአያት ጋር ቪዲዮ ኮል ማውራት እንደ ካርቱን አይታይም፣ ምክንያቱም እዛ ማዶ ያለው ሰው ልጁን ያየዋል፣ ይሰማዋል፣ ይመልስለታል።

ሰው ብዙ ግዜ ማያስተውለው ግን ያ የ2019 መመሪያ እኮ ስለ ስክሪን ብቻ የተጻፈ አይደለም፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ መቀመጥና ስለ እንቅልፍ ነው። የሶስትና የአራት አመት ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰአት መተኛት አለበት፣ ቢያንስ 3 ሰአት መንቀሳቀስ አለበት፣ ከሱ ውስጥ 1 ሰአቱ ልብ ሚያስመታ ሩጫና ዝላይ መሆን አለበት ይላል። ስክሪኑ ከነዚ ጋር አንድ ላይ ነው ሚታየው። ስለዚ "አንድ ሰአት ተፈቅዷል" ብሎ መያዝ ሳይሆን የልጁን ቀን ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው ሚሻለው።

የኔዋን ልቁጠርላችሁ። ማታ 2 ሰአት ትተኛለች፣ ጠዋት 1 ሰአት ትነሳለች፣ 11 ሰአት ተኛች ማለት ነው፣ 13 ሰአት ቀረ። ኬጂ 7 ሰአት ትቆያለች፣ 6 ቀረ። መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መንገድ፣ "ጫማዬን እራሴ ነው ማደርገው" ሚለው ክርክር ሁሉ ተደምሮ 3 ሰአት ይወስዳል፣ 3 ቀረ። ከመተኛቷ በፊት ያለችውን 1 ሰአት ስክሪን አላስገባባትም፣ 2 ቀረ። ኬጂ ውስጥ የቱንም ያህል ብትሮጥ ከሰአት አንድ ሰአት ያህል ደግሞ መሮጥ አለባት፣ አሁን 1 ሰአት ቀረ። እቺ አንድ ሰአት ላይ ነው እንግዲህ መጽሀፉም፣ ስእሉም፣ ከአሻንጉሊት ጋር ለብቻ ማውራቱም፣ ስክሪኑም ሚጋፉት። ግማሹን ለስክሪን ሰጠኋት። ስራ ቀን 25፣ 30 ደቂቃ፣ ኬጂ በሌለበት ቀን ደግሞ እስከ አንድ ሰአት፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ። እናንተ ስትቆጥሩት ሌላ ቁጥር ሊመጣ ይችላል፣ ቀን ሙሉ ቤት ሚውል ልጅ ላይ ሰፋ ይላል፣ ቁጥሩ ግን ከልጁ ቀን ከመጣ ነው ሚያዘልቀው።

መች ሚለው ላይ ሁለት ሰአቶችን ብቻ ልከልክላችሁ።

አንደኛው ከመኝታ በፊት ያለው ሰአት ነው። የትንሽ ልጅ አይን ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ አእምሮውም "ገና ቀን ነው" ብሎ እንቅልፍ ሚያመጣውን ሜላቶኒን ሚባለውን ሆርሞን ያዘገየዋል። በ2018 በወጣ ትንሽ ጥናት ላይ ከ3 እስከ 5 አመት ያሉ 10 ልጆችን ከመኝታቸው በፊት ለአንድ ሰአት ጠንካራ ብርሃን ላይ አስቀምጠው ለኩ፣ ሜላቶኒኑ በ88 በመቶ አካባቢ ወረደ፣ ብርሃኑ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም አብዛኞቹ ላይ ገና አልተመለሰም ነበር። የተጠቀሙት ከታብሌት ሚጠነክር ብርሃን ነው፣ ስለዚ ታብሌት እኩል ያደርገዋል እያልኩ አይደለም። ግን ብርሃኑ ላይ ደግሞ ካርቱኑ ራሱ ሚያነቃው አለ፣ ሁለቱ ሲደመር ማታ 3 ሰአት ላይ አይኑን አፍጥጦ ሚዘል ልጅ ያመጣል።

ሁለተኛው ልጁ ሲያለቅስ ነው። እዚ ጋር ሁላችንም ጥፋተኛ ነን። ሲናደድ ስልክ፣ ሲሰለቸው ስልክ፣ ሀኪም ቤት ወረፋ ላይ ሲነጫነጭ ስልክ። ይሰራል እኮ፣ በሰከንድ ነው ዝም ሚለው፣ ለዛም ነው ሚከፋው። ከ3 እስከ 5 አመት ያሉ ልጆችን ለስድስት ወር ያህል የተከታተለ አንድ አሜሪካ የተሰራ ጥናት፣ ስልክን እንደ ማባበያ በብዛት መጠቀም ልጁ ቶሎ ቶሎ ከመገንፈሉ ጋር እንደሚያያዝ አይቷል፣ በተለይ ወንዶቹና ከድሮውም እሳት የሆኑት ላይ። ማለትም በጣም ሚፈተነው ወላጅ ነው በጣም ሚጎዳው። ልጁ ንዴቱ እራሱ መጥቶ እራሱ እንደሚሄድ ሚማረው በዚ እድሜ ነው፣ በየግዜው ስክሪን ካቋረጠው ያንን ልምምድ አያገኘውም። አንዴ አውሮፕላን ውስጥ ሰጠሁት ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ እኔ ምለው በየቀኑ ስለሚሆነው ነው።

አሁን ወደ ወለሉ ልመለስ።

እኔ "ሁለት ደቂቃ ቀረሽ" ምላት ጥሩ እናት ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ወላጆችንም እንደዛ ነበር ምመክረው። በኋላ ነው በ2016 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ጉዳይ ያወጡትን ያገኘሁት። ወላጆች የስክሪን ግዜ ሲያልቅ ምን እንደተፈጠረ በየቀኑ እንዲመዘግቡ አደረጉ፣ እና ያ የሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ነገሩን አላቀለለውም፣ እንደውም አባባሰው። ከሁሉም የቀለለው ደግሞ ነገሩ ራሱ ሲያልቅ ነው፣ ክፍሉ ሲያበቃ፣ ጨዋታው መቆሚያ ላይ ሲደርስ፣ ወይ ኢንተርኔቱ ወይ ባትሪው እምቢ ሲል። እናት ስታቋርጥ ክርክር አለ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ግን ከማን ጋር ይከራከራል?

ካሰባችሁት ደሞ ግልጽ ነው። የአራት አመት ልጅ ደቂቃ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። ለሷ "ሁለት ደቂቃ" ማለት "ሊወስዱብሽ ነው" ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ግዜ ካርቱኑን ሳይሆን እጄን ነው ምታየው። "ክፍል" ሚለውን ግን ታውቃለች፣ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ነገሩ ይሆናል፣ ዘፈኑ ያበቃል።

ስለዚ በደቂቃ መቁጠሩን ተውኩት። እሷ ምትወደውን፣ አንዱ ክፍል 12 ደቂቃ አካባቢ ሚፈጀውን ካርቱን ዳውንሎድ አደረኩ፣ አውቶፕሌይ ሚባለውን፣ ያው አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ ሚከፍተውን፣ ከሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁት፣ ታብሌቱን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አደረኩት። ከኬጂ መጥታ ከበላች በኋላ "ዛሬ ሁለት ነው፣ የትኞቹን?" እላታለው፣ እራሷ ትመርጣለች። ሁለተኛው ሲያልቅ ስክሪኑ ዝም ይላል፣ በዛች ሰአት አጠገቧ መሆን አለብኝ፣ እቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች ግን ዋናዋ እሷ ናት። "ምን ሆነ መጨረሻ ላይ? ድመቷን አገኟት?" ብዬ ስጠይቃት አይኗ ከስክሪኑ ወደኔ ይዞራል፣ እየነገረችኝ ተያይዘን እንወጣለን። መጀመሪያ ቀን አለቀሰች፣ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያውም ባሰባት፣ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ልተወው ነበር። አራተኛው ቀን ላይ "አለቀ" ብላ ሽፋኑን እራሷ ከደነችው። አሁንም አልፎ አልፎ "አንድ ብቻ" ትላለች፣ ወለሉ ላይ ግን አልተመለስንም።

አንድ ነገር ግን፣ ሁለት ካላችሁ ሁለት ነው። አንድ ቀን ስልክ እያወራችሁ ሶስተኛውን ከከፈታችሁላት ለሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ትጠይቃችኋለች። ልጅ ደግሞ እንደዚ አይነቱን አትረሳም።

አፕ መምረጥም ከዚሁ ነው ሚነሳው። እኔ አንድ አፕ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ምጠይቀው "ምን ያስተምራል" ሳይሆን "ያልቃል ወይ" ነው። መጨረሻ የሌለው ነገር፣ ማለትም አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሚመጣበት፣ ለመውጣት ስትሞክሩ ገጸ ባህሪው ሚያለቅስበት፣ ነገ ካልተመለስክ ኮከብህ ይጠፋል ሚል፣ ልጁን ለማስቀመጥ ነው የተሰራው። ያንን ከሰጣችሁት በኋላ "ለምን መተው አቃተው" ብሎ መቆጣት ፌር አይደለም፣ አዋቂውም መተው አቅቶታል እኮ።

"ትምህርታዊ" ሚለው ጽሁፍ አያታልላችሁ። አፕ ስቶር ላይ እሱን መጻፍ ማንም ይችላል፣ አስተማሪ አይቶት አይደለም። በ2019 ትንንሽ ልጆች ሚጫወቱባቸውን 135 አፖች የፈተሸ ጥናት 95 በመቶዎቹ ላይ ቢያንስ አንድ አይነት ማስታወቂያ አግኝቷል፣ አንዳንዱ ማስታወቂያ ደሞ ማስታወቂያ አይመስልም፣ ሚወዱት ገጸ ባህሪ ራሱ ነው "ይሄን ግዛ" ሚላቸው። የአራት አመት ልጅ ይሄ ጨዋታ ነው ይሄ ሽያጭ ነው ብሎ አይለይም።

እስቲ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፊደል ያስተምራል ተብሎ የጫንኩላት አፕ ነበር። ፊደሉ ይመጣል፣ ስትነካው ድምጹን ይጠራል፣ ይፈነዳል፣ ወረቀት ይበተናል፣ ሳጥን ይከፈታል፣ አልማዝ ይወጣል። ፊደሉ በቦታው ስንት ሰከንድ ቆየ? ሁለት። ሳጥኑና አልማዙ ግን አስር ሰከንድ ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ተጫወተችው፣ "በጣም ጎበዝ ሆናለች" እያልኩ ለሰው አወራለው። አንድ ቀን ከነዛ ፊደሎች አንዱን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ "ይሄ ማነው?" አልኳት። ወረቀቱን በጣቷ ነካ አረገችውና ጠበቀች። እንዲናገር። ሲያቅተው ደግማ ነካችው።

እዛ ጋር ነው የገባኝ፣ የተማረችው ፊደሉን ሳይሆን መንካቱን ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ አፑ ከሷ ሚፈልገው መንካት ብቻ ነበር፣ ማሰብ አልነበረበትም። ከዛ በኋላ የቀየርኩት አፕ ላይ ድምጽ ይሰማና ሶስት ስእል ይመጣል፣ የትኛው ነው በዚ ድምጽ ሚጀምረው ይላል። ስትሳሳት አይጮህባትም፣ ሁለቱን ድምጾች አጠገብ ላጠገብ ያሰማትና ደግማ እንድትሞክር ያደርጋታል። ስትመልስ "አዎ" ይላል፣ በቃ፣ አልማዝ የለም። አምስት ስድስት ጥያቄ ሲሆን ያበቃል። አሰልቺ ይመስላል ለኛ። እሷ ግን በሳምንቷ ደረጃ ላይ እየወጣን ያንኑ ድምጽ ጎትታ "ይሄም በሱ ነው ሚጀምረው!" አለችኝ። አፕ ሰራ ሚባለው ከስክሪኑ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲገኝ ነው።

ስለዚ አዲስ አፕ ስጭን ለልጄ ከመስጠቴ በፊት አስር ደቂቃ እራሴ እጫወተዋለው። ስቶሩ ላይ Contains ads ወይ In-app purchases ሚል ካለ መጫኑንም አልሞክርም፣ በጣም ካላስገደደኝ በቀር። ከዛ ሆን ብዬ እሳሳታለው፣ ስሳሳት ምን እንደሚያደርገኝ ለማየት። ከዛ ዝም ብዬ ሳላስብ ስክሪኑን በሙሉ እነካካዋለው፣ በመነካካት ብቻ ማሸነፍ ከተቻለ ልጄም እንደዛው ነው ምታሸንፈው። በመጨረሻ ልወጣ እሞክራለው፣ በአንድ ንክኪ ካስወጣኝ ጥሩ፣ ካስለመነኝ አጠፋዋለው።

ይሄን ካለፉት ውስጥ Khan Academy Kids ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ሚሸጥም ነገር የለውም፣ ከ2 እስከ 8 አመት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ሚሰራ ክፍልም አለው። GCompris ደግሞ መልኩ ትንሽ የድሮ ይመስላል ግን ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ውስጡ ከመቶ በላይ ትንንሽ ጨዋታ አለ፣ ስለበዛ ሶስት አራቱን መርጣችሁ አሳዩት እንጂ ሙሉውን አትልቀቁበት። ልጃችሁ አምስት ከሞላ ScratchJr አለ፣ እዛ ላይ ድመቷን በትእዛዝ እያስኬደ የራሱን ታሪክ ይሰራል፣ ለአራት አመት ግን ይከብዳል፣ እኔ ቸኩዬ ሞክሬው ተናዳ ተወችው። ዩቲዩብን ከፍቶ መስጠት ግን በኔ አይን አፕ መስጠት አይደለም፣ መጨረሻ የሌለው ነገር መስጠት ነው፣ ከዛ ምትፈልጉትን ክፍል ብቻ መርጣችሁ አሳዩ።

ካርቱን ስትመርጡ ደግሞ ፍጥነቱን እዩ። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት 60 የአራት አመት ልጆችን ለሶስት ከፍሎ ለ9 ደቂቃ ብቻ አንዱን ቡድን በጣም ፈጣን ካርቱን፣ አንዱን ዘገምተኛ ትምህርታዊ ፕሮግራም አሳየ፣ አንዱን ስእል አሳለ። ወዲያው ከዛ በኋላ በተሰጣቸው መታገስና ማሰብ ሚጠይቅ ስራ ላይ ፈጣኑን ያዩት ወደ ኋላ ቀሩ። ዘላቂ ጉዳት ነው አላሉም፣ የለኩት ወዲያው ያለውን ብቻ ነው። ግን ጠዋት ልብስ እየለበሰ እንዲያይ ምትከፍቱለት ከሆነ እኛ አስተማሪዎቹ በሩ ላይ ምንቀበለው ያንን ሰአት እንደሆነ እወቁልን።

እና ከሁሉ በላይ ምወደው አፕ ስልኩ ላይ ድሮም የነበረው ካሜራ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማስታወቂያ የለው፣ አልማዝ የለው። "አምስት ክብ ነገር አንሺልኝ" እላታለው፣ ቤቱን ታዞረዋለች፣ ከዛ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እያየን ትነግረኛለች። ስልኬ ላይ አሁን የበር እጀታ፣ የድስት ክዳን፣ የአባቷ ራሰ በራ (ክብ ነው ብላ ነው) ሞልቷል። የድምጽ መቅጃውም እንደዛው፣ ተረት ትቀዳለች፣ መልሳ ትሰማለች፣ "ይሄ እኔ አይደለሁም" ትላለች።

ስልኩን ከሰጣችሁ በኋላ ከአፑ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። አይፎን ላይ Settings ገብታችሁ Accessibility ከዛ Guided Access ነው፣ እሱን ካበራችሁ የጎኑን በተን ሶስቴ ስትጫኑ አፑ ላይ ይቆልፈዋል፣ ሰአትም ይሞላለታል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ መፈለጊያው ላይ pin ብላችሁ ጻፉ፣ App pinning ሚል ይመጣል፣ ስሙና ቦታው እንደ ስልኩ ይለያያል።

ነገሩ መስመር እየሳተ እንደሆነ ለማወቅ ደቂቃውን ሳይሆን ስክሪኑ የሌለበትን ሰአት ነው ምታዩት። ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ ሚጠይቀው ስልክ ነው? ያለ ስልክ አልበላም ይላል? ድሮ ሚወደውን ጨዋታ ትቷል? ሲጫወት የራሱን ከመፍጠር ይልቅ የቪዲዮውን ንግግር ብቻ ነው ሚደግመው? አንዱ ካለ ቀንሱ፣ ለሁለት ሳምንት እዩት። ግን ልጁ ስሙ ሲጠራ ማይዞር ከሆነ፣ ወይ ንግግሩ ከእኩዮቹ በጣም ከዘገየ፣ ስልክ ቀንሼ ልይ ብላችሁ ሀኪም ጋር መሄዱን አታቆዩት፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉት።

ህመምና ረጅም መንገድ ላይ ህጉ ይፈርሳል፣ የኛም ፈርሷል። ባለፈው ወር ትኩሳት ይዟት አራት ቀን ሙሉ ሶፋው ላይ ካርቱን አየች፣ ምንም አላልኳትም። አምስተኛው ቀን ስትነሳ "ዛሬ ወደ ሁለቱ ተመልሰናል፣ የትኞቹን?" አልኳት። አኮረፈች፣ ትራሱን ወረወረች፣ ከዛ የድመቷን መረጠች።